ከሦስተኛው ረድፍ የተቀዳ ሌክቸር፤ ኢኮው እስከምን ድረስ ይነሳል?

ጥያቄ፦ «የስታትስቲክስ መምህራችን ፈቅደውልኝ ሌክቸራቸውን በየሳምንቱ በስልኬ እቀዳለሁ፤ ሥራ ይዟቸው ለሚቀሩ የማታ ተማሪዎች በቴሌግራም ነው የማካፍለው። ስልኩን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ቅጂው ላይ ግን በርሜል ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ይመስላሉ። Audacity ላይ Noise Reduction ሞከርኩ፤ ይባስ ብሎ ቃላቱ መንቦጫረቅ ጀመሩ። የተቀዱትን ማዳን ይቻላል? ለሚቀጥለውስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

የተቀዱትን ሳይደክሙ ሊከታተሏቸው ወደሚቻል ደረጃ ማምጣት ይቻላል፤ በ Audacity ስቱዲዮ የተቀዱ ማስመሰል ግን አይቻልም። የሚቀጥሉት ላይ ችግሩ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ወጪውም የአንድ ባለገመድ ኢርፎን ያህል ነው። ሁለቱም መልስ የሚመነጨው ከአንድ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ፤ ከዚያ ወደ Audacity እንገባለን።

Noise Reduction የሚሠራው መምህሩ ዝም ባሉበት ቦታ የሚሰማውን የማያቋርጥ ድምፅ ናሙና ወስዶ፣ ያንን ከጠቅላላው ላይ በመቀነስ ነው። ለቬንትሌተር፣ ለፍሎረሰንት አምፖል እዝታ፣ ከውጭ ለሚመጣ የጄኔሬተር ድምፅ ይረዳል። ኢኮ ግን መምህሩ ዝም ሲሉ አብሮ ዝም የሚል ነገር ነው። የራሳቸው ድምፅ ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ ላይ እየተላተመ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ መንገዶች ዘግይቶ ወደ ማይኩ የሚደርስ ነው። የድምፁ ባሕርይ ያው የመምህሩ ነው፤ ያረፈበት የድምፅ ክልልም ያው ነው። ፕሮግራሙ ናሙናውን ከቃላት መጨረሻ ላይ ከተንጠለጠለው ጭራ ከወሰደ የመምህሩን ድምፅ ራሱን እንደ ጫጫታ ይቆጥረውና ይቆራርጠዋል። የሰሙት መንቦጫረቅ ከዚያ የመጣ ነው።

ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲሰሙ ጥርት ያለው ሁለት ጆሮ ስላለዎት ነው። አእምሮ ከፊት ለፊት ቀድሞ የሚደርሰውን ድምፅ ይይዝና ከየአቅጣጫው ዘግይቶ የሚመጣውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንዱን ጆሮዎን በጣትዎ ደፍነው መምህሩን ለጥቂት ደቂቃ ይስሙ፤ ክፍሉ በድንገት ሲያስተጋባ ይሰማዎታል። ስልኩ የሚሰማው እንደዚያ ነው፤ ከየት እንደመጣ መለየት አይችልም፣ ሁሉንም በአንድ መስመር ላይ ይደፋዋል።

አሁን ክፍሉን በቁጥር እንየው። የእርስዎን ክፍል አላየሁትም፤ ነገር ግን በብዙ ኮሌጆች የማውቀው ዓይነት ከሆነ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር አካባቢ ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ፣ መጋረጃ የለውም። ይዘቱ 189 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ክፍል ምን ያህል እንደሚያስተጋባ የሚሰላበት ቀመር ይህ ነው፦

```
T = 0.161 × V ÷ A
```

T ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ ድረስ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ ነው፤ V የክፍሉ ይዘት፣ A ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የሚመጥ ነገር ሁሉ ድምር ነው። ቀመሩን ያገኘው ዋላስ ሴባይን የተባለ የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ነው፤ መነሻውም የእርስዎው ዓይነት ችግር ነበር። በ1895 የተከፈተው የፎግ ሙዚየም የሌክቸር አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይሰማ ስለነበር ማስተማር አልተቻለም፤ ዩኒቨርሲቲውም ጉዳዩን ለሱ ሰጠው። ሴባይን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ በሌሊት እያስመጣ፣ በጨመረ ቁጥር ማስተጋባቱ ምን ያህል እንዳጠረ ይለካ ነበር። የመምጠጥ መለኪያ ያደረገውም የተከፈተ መስኮትን ነው፤ ምክንያቱም በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም። ስለዚህ A 10 ነው ሲባል ክፍሉ 10 ካሬ ሜትር የተከፈተ መስኮት ያለው ያህል ድምፅ ይመጥጣል ማለት ነው።

የእኛ ባዶ ክፍል የግድግዳው፣ የወለሉና የኮርኒሱ ስፋት ተደምሮ 222 ካሬ ሜትር ነው። ጠንካራ ልስንና ሲሚንቶ ከደረሰበት ድምፅ የሚመጠው ከመቶ አራት ያህሉን ብቻ ስለሆነ A ወደ 9 ይሆናል፤ ማስተጋባቱም 3.4 ሰከንድ ይወጣል። 40 ተማሪ ሲገባ ሰውነትና ልብስ ድምፅ ይመጥጣሉና A ወደ 25 ያድጋል፤ ማስተጋባቱም ወደ 1.2 ሰከንድ ይወርዳል። በአሜሪካ ለመማሪያ ክፍል የወጣው መስፈርት ለዚህ መጠን ክፍል የሚፈቅደው 0.6 ሰከንድ ነው፤ ያውም ሰው ሳይገባበት። ግማሹ ተማሪ በቀረበት ቀን ቅጂው ለምን እንደሚብስ ከዚህ ይገባዎታል።

ለቀጂ ሰው ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከመምህሩ አፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የሚያስተጋባው ድምፅ ግን ክፍሉን ስለሞላው የትም ቢቀመጡ መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት አንድ ርቀት አለ። ከዚያ ወዲህ መምህሩን ይቀዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን። ተማሪ በሞላበት በዚህ ክፍል ርቀቱ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ባዶውን ሲሆን 60 ሳንቲ ሜትር።

ሦስተኛው ረድፍ ከመምህሩ 4 ሜትር ቢሆን፣ ቀጥታው ድምፅ ከማስተጋባቱ በ12 ዴሲቤል ያነሰ ነው። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲጽፉ ደግሞ ይብሳል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነውና ወደ ስልኩ የሚመጣው አብዛኛው ተላትሞ የተመለሰው ነው። ማይኩ ከአገጫቸው 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሆን ግን ቀጥታው ድምፅ ከማስተጋባቱ በ14 ዴሲቤል ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የ26 ዴሲቤል ልዩነት በ Audacity የሚገኝ አይደለም። ሁለተኛ ረድፍ ማምጣትም ብዙ አያተርፍም፤ 4 ሜትሩን ወደ 3 ማሳጠር ሁለት ዴሲቤል ተኩል ብቻ ነው።

በእጅዎ ያሉትን ለማዳን መጀመሪያ የክፍሉን ጭራ ከራሱ ቅጂ ላይ ይለኩ። ጠረጴዛ የተመታበት፣ መጽሐፍ የወደቀበት ወይም በር በኃይል የተዘጋበትና ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ዝምታ ያለበት ቦታ ይፈልጉ። በትራኩ በስተግራ ያለውን የቁጥር መስመር በቀኝ ክሊክ ተጭነው ወደ ዴሲቤል ይቀይሩት፤ ያን ጊዜ የሚወርደው ጭራ እንደ ተዳፋት ሆኖ በግልጽ ይታያል። ከጫፉ ትንሽ ወረድ ካለ ቦታ ጀምረው ድምፁ 20 ዴሲቤል እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ ያንብቡና በሦስት ያባዙት። 60ውን ዴሲቤል ሙሉ ለመለካት አይሞክሩ፤ የክፍሉ የራሱ ጫጫታ ቀድሞ ይሸፍነዋል። 0.4 ሰከንድ ከሆነ ክፍሉ 1.2 ሰከንድ ነው፤ ከዚህ በታች የምሰጥዎ ቁጥሮች ለዚህ ዓይነት ክፍል ናቸው። ከ2 ሰከንድ በላይ ካገኙ ማሻሻያው በጣም ትንሽ ስለሚሆን ጊዜዎን በሚቀጥለው ቅጂ ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

1.2 ሰከንድ ማለት ድምፁ በሰከንድ 50 ዴሲቤል ይወርዳል ማለት ነው። ሰው በመደበኛ ፍጥነት ሲናገር በሰከንድ አምስት ያህል ክፍለ ቃል ያወጣል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው 0.2 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀደመው ክፍለ ቃል የወረደው 10 ዴሲቤል ብቻ ነው። ማለትም እያንዳንዱ ክፍለ ቃል የሚወጣው የቀደመው ገና እያስተጋባ ሳለ ነው፤ ያንን መደራረብ በ Audacity ከሚሰማው ድምፅ መፈልቀቅ አይቻልም። ልንደርስበት የምንችለው በቃላትና በዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ጭራና ክፍሉ ከሌላው አብልጦ የሚያጎላውን የድምፅ ክልል ብቻ ነው። ሥራው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዋናውን ፋይል ይጠቀሙ፤ በቴሌግራም ሄዶ የተመለሰውን አይደለም። ስልክዎ የሚያወጣው `.m4a` ከሆነና ኮምፒውተርዎ ዊንዶውስ ከሆነ Audacity ሊከፍተው የሚችለው FFmpeg የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ሲጫንለት ነው። ከዚያ 30 ሰከንድ ያህል ቆርጠው ለብቻው ይሥሩበት። ቁራጩ ውስጥ መምህሩ ወደ ተማሪው ዞረው የሚናገሩበት፣ ወደ ሰሌዳው ዞረው የሚናገሩበት፣ እንዲሁም ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ድምፃቸው ዝቅ የሚልበት መኖር አለበት። ሦስተኛውን አይዝለሉት፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

የሚጀመረው ከታች በኩል በመቁረጥ ነው። High-Pass Filter ይክፈቱ፤ ለወንድ ድምፅ 90 ኸርዝ፣ ለሴት 140 ኸርዝ አካባቢ፣ ቁልቁለቱን 12 ዴሲቤል ያድርጉት። ከዚያ በታች ያለው የእግር ኮቴ፣ የጠረጴዛ መንቀጥቀጥና የመኪና ጉርምርምታ ነው።

ቀጥሎ ያለው Filter Curve EQ ነው፤ የበርሜሉን ነገር ዋናውን የሚያቃልለው እሱ ነው። የተማሪው ልብስና ሰውነት ከፍተኛውን ድምፅ ይመጥጣል፤ ጎርናናውን ግን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ረጅሙ ጭራ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ይከማቻል፤ «በርሜል» የሚሉት ይህንን ነው። መስመሩ ላይ 150 ኸርዝ ዜሮ፣ ከ250 እስከ 450 ከዜሮ በታች 4 ዴሲቤል፣ 800 ላይ ተመልሶ ዜሮ ያድርጉት። ከዚያ ከ2500 እስከ 4500 ያለውን 3 ዴሲቤል ከፍ አድርገው 7000 ላይ ወደ ዜሮ ይመልሱት። ላይኛው ክልል ተነባቢዎች ተለይተው የሚሰሙበት ነው። በተለይ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ ሲነገሩ ከፍንዳታቸው በፊት አፍ ለአፍታ ይዘጋል፤ ያቺን አጭር ዝምታ የቀደመው አናባቢ ጭራ ሲሞላባት ፊደሉ ይደበዝዛል። የሚጠብቅ ተነባቢም እንዲሁ ነው። ታችኛውን ክልል ቀነስ ሲያደርጉ ያቺ ዝምታ በከፊል ትመለሳለች። ታች ያለውን ከ6 ዴሲቤል በላይ አይቁረጡ፤ ድምፃቸው በስልክ የሚያወሩ ይመስላል፤ ኢኮውም በቀጭን ድምፅ እዚያው ይቀጥላል።

ሦስተኛው Noise Gate ነው። ብዙ ሰው እንደ በር ይጠቀምበታል፤ ድምፅ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። እዚህ እንደዚያ ካደረጉት በየቃሉ መሀል ክፍሉ ድንገት ጠፍቶ ድንገት እየተመለሰ ጆሮ ያደክማል፤ ከኢኮው ይልቅ እሱ ይረብሻል። እኛ የምንፈልገው ጭራው በራሱ ከሚወርድበት ትንሽ ፈጠን ብሎ እንዲወርድ ነው። ስለዚህ Level reduction የሚለውን -8 ያድርጉት፤ ከ-12 አይለፉ። Attack 10፣ Hold 80፣ Decay 200 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል።

ቁልፉ ያለው Gate threshold ላይ ነው፤ እሱን የሚወስነው ደግሞ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ብዙ መምህር ደግሞ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅና ድምፁ ይወርዳል። «ይህ ማለት ናሙናው ሕዝቡን ይወክላል ማለት...» ብለው «አይደለም» የምትለዋን ለራሳቸው ያህል ይናገሯታል። ደረጃውን ከፍ አድርገው ካስቀመጡት ፕሮግራሙ «አይደለም»ን እንደ ጭራ ቆጥሮ ይጫናታል፤ ሰሚው የመምህሩን ሐሳብ ገልብጦ ይወስደዋል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የዩቲዩብ ማስተማሪያዎች የሚሰጡትን ቁጥር እንዳለ አለመቅዳቱ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንድ ቅጂ ወስደን እንሥራው። የመምህሩ ድምፅ ሲጎላ -12 ላይ ይደርሳል፤ ዝምታው፣ ማለትም የክፍሉ የራሱ ጫጫታ፣ -48 ላይ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያሉትን ዝቅ ያሉ ግሶች በዴሲቤል እይታ አንድ በአንድ ሲያዩ በጣም ደካማው -29 ላይ ይገኛል እንበል። ደረጃውን ከዚያ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው -34 ላይ ያኑሩት። ጭራው ከ-29 ወደ -34 ለመውረድ በራሱ 0.1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ Hold ጥቂት ይጠብቅለታል፤ ከዚያ ወዲያ ከክፍሉ ውድቀት ላይ ተጨማሪ 8 ዴሲቤል ይታከልበታል። ውጤቱን ሲሰሙ መምህሩ ሁለት ወንበር ቀርበው የመጡ ያህል ይሰማዎታል። ከዚህ የበለጠ አይጠብቁ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው የዓረፍተ ነገር መጨረሻዎችን ብቻ ያድምጡ፤ አንድ «ነው» ወይም «አልነበረም» ከጎደለ ደረጃውን በ2 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ።

አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ሁሉ የሚያስቸግር ነገር ይገጥማል፤ መምህሩ ዝም ሲሉ የቬንትሌተሩ ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ሲል ይሰማል፤ መናገር ሲጀምሩ ይወርዳል። ያ ማለት ስልኩ የቅጂውን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ነበር ማለት ነው። በየዝምታው ጭራውንም አብሮ አጉልቶታልና የዴሲቤል ተዳፋቱ ዝርግ ያለ ይሆናል፤ ልኬትዎም ከእውነቱ ይረዝማል። እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ Noise Gate ደካማ ነው፤ በ Filter Curve EQ ብቻ ይቁሙ።

የማያቋርጥ ጫጫታ ካለ Noise Reduction ቦታ አለው፤ ግን ከሁሉም በፊት፣ በ6 ዴሲቤል ብቻ። ናሙናውም ተማሪው ከመግባቱ በፊት ወይም መምህሩ ዝም ካሉ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ካለፈ በኋላ ያለ ቦታ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ጭራው አልቋል። Compressor ግን አይንኩ። ጎላ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ ሥራው ነው፤ ዝቅ ያለው ደግሞ እኛ የደከምንበት ጭራ ነው። ድምፁ በአጠቃላይ ካነሰ መጨረሻ ላይ Loudness Normalization በ-16 LUFS ይበቃል፤ ጠረጴዛ በተመታበት ቦታ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ከተሰነጠቀ ወደ -19 ይመልሱት።

ገንዘብ የሚከፈልበት መፍትሔ የሚጠይቁ ስላሉ፦ iZotope RX ውስጥ De-reverb የሚባል አለ። ከ Noise Gate የሚለየው ጭራውን በየድምፅ ክልሉ ለይቶ በመገመቱ ነው፤ ስለዚህ ጎርናናው ገና እያስተጋባ ሳለ ከፍተኛውን ሊለቅ ይችላል። ይሻላል። ግን እሱም ቢሆን ከላይ ያልኩትን መደራረብ ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ መቀነሻውን አብዝተው ከሳቡት ድምፁ ደርቆ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ለአንድ ሴሚስተር ሌክቸር ብሎ መግዛት አይመከርም።

ለሚቀጥለው ሌክቸር። መምህሩ ሌላ ስልክ ወይም የእርስዎን ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው፣ ማይኩን ኮታቸው ላይ ወይም ሸሚዛቸው ቁልፍ አጠገብ፣ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰኩት። ክሊፕ ማይክ ካገኙ ጥሩ ነው፤ ሲገዙ መሰኪያውን ይዩ። ለስልክ የሚሆነው ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበት ነው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ የተሠራ ነውና ስልኩ ላያውቀው ይችላል፤ በራሱ ማይክ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ እርስዎም ቤት እስኪደርሱ አያውቁም። ይህን ለማረጋገጥ ቅጂ ጀምረው ክሊፕ ማይኩን በጥፍርዎ ቧጨር ያድርጉት፤ መልሰው ሲሰሙ ጎልቶ ካልተሰማ እየቀዳ ያለው ስልኩ ነው።

ክሊፕ ማይክ ከሌለ ከስልክ ጋር የሚመጣው ባለገመድ ኢርፎን ይበቃል። ገመዱ ላይ ያለችውን ማይክ በመርፌ ቁልፍ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ሸሚዙ ላይ ያስይዙ፤ የጆሮ ክፍሎቹ ከውስጥ ይንጠልጠሉ። የብሉቱዝ ኢርፎን ግን አይጠቀሙ። ማይኩ ሲሠራ ድምፁን እንደ ስልክ ጥሪ አጥብቦ ስለሚልከው ከ2500 በላይ ያለው ተነባቢ የሚለይበት ክልል ይጎዳል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ መሀል ላይ ጥሪ ሲመጣ ብዙ ስልኮች ቅጂውን ያቋርጣሉ። ነጠላ የሚለብሱ መምህርት ከሆኑ ማይኩ ከጥለቱ ጋር እንዳይታሸት ከነጠላው ውጭ፣ አንገት አጠገብ ይሰካ፤ የጨርቅ መታሸት ከኢኮ የማይተናነስ ጠላት ነው።

ማይኩ ደረት ላይ ሲሆን የተማሪ ጥያቄ አይሰማም። ቀላሉ መምህሩ ጥያቄውን ደግመው ከተናገሩ በኋላ እንዲመልሱ መለመን ነው። የማይሆን ከሆነ ሁለተኛ ስልክ እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይተዉ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አጨብጭበው በሁለቱም ላይ በተቀዳው ጭብጨባ ትራኮቹን ያስተካክሉ። ነገር ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያጫውቱ። ድምፅ 4 ሜትር ለመጓዝ 12 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ የድምፅ ክልል ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል፤ ያባረሩት ኢኮም ተመልሶ ይገባል። መምህሩ ሲናገሩ የረድፉ ትራክ ይዘጋ፤ ተማሪ ሲጠይቅ ብቻ ይከፈት።

ክፍሉን ራሱን ማሻሻል የሚፈልግ ካለ፣ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይሠራም። ቀጭን ነውና ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን አይነካውም፤ በርሜሉ ይቀራል። ብርድ ልብስም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሲሰቀል የሚይዘው ላይኛውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው 10 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገው ሲሰቅሉት ግን ወደ መካከለኛው ክልል ይወርድልዎታል። መንገድ ዳር ካልሆኑ መስኮት መክፈት ነፃ ነው። በእኛ ክፍል 5 ካሬ ሜትር መስኮት ሲከፈት A ከ25 ወደ 30፣ ማስተጋባቱም ከ1.2 ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ከሆነና ዝናብ ከጀመረ ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ የለውም፤ ያኔ የሚያድነው ደረት ላይ ያለው ማይክ ብቻ ነው።

ሲጨርሱ በአንድ ቻናል፣ MP3፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ አድርገው ያውጡት። የአንድ ሰዓት ሌክቸር ወደ 29 ሜጋባይት ይሆናል። ቴሌግራም ላይም እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ያያይዙት፤ የድምፅ መልእክት ሆኖ ድምጽ ማጉያ ላይ እየተጫወተ ዳግም ከተቀዳ የሰሚው ክፍል ኢኮ ይታከልበታልና።